አልለቅም ያለው የእጅ ፍሬን

ታላቅ እህቴ ነሐሴን ክፍለ አገር ከርማ ስትመለስ የኤሌክትሪክ መኪናዋ ሽሮ ሜዳ፣ ከቤቷ በር ላይ ባለው ዳገት እንዳቆመችው ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝናብ ወርዶበታል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ልትሄድ ገብታ ስታበራው ዳሽቦርዱ ደብዘዝ ብሎ በራ። በክብ ውስጥ ያለችው ቀይ P ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፤ ከጎኗ ደግሞ ቢጫ መብራት በርቶ ቀረ። ፍሬን ረግጣ የእጅ ፍሬኑን ቁልፍ ተጫነች። አለቀቀም። ማርሽ ልታስገባ ሞከረች። አልተቀበላትም።

ደውላልኝ ስደርስ ሦስት ምክር ተሰጥቷት ነበር። ዘበኛው ሰው ጠርተን እንግፋው ይላል። ጎረቤቷ የባትሪውን ካቦ ንቀሉት፣ ኤሌክትሪክ ሲያጣ ራሱ ይለቃል ይላል። ታናሽ ወንድማችን ደግሞ ክሪክ አውጥቶ የኋላውን ጎማ ሊያነሣ ተንበርክኳል። ሦስቱም ከልብ ሊረዷት የፈለጉ ናቸው። ሦስቱም ግን ተሳስተዋል፤ የወንድሜ ስህተት ደግሞ ሰው ሊገድል የሚችል ነው።

ድሮ የምናውቀው የእጅ ፍሬን፣ አባቶቻችን ፍሬን አማኖ የሚሉት፣ በወንበሮቹ መካከል ያለ እጀታ ነበር። እጀታው ሲሳብ ካቦ ይወጠራል፤ ካቦው የኋላውን ፍሬን ይይዛል። ሲበላሽ ምን እንደሆነ በእጅ ይታወቃል፤ ወይ ይላላል፣ ወይ ይደርቃል። አሁን በእጀታው ምትክ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ተቀምጣለች። አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ ቢ.ኤም.ደብሊው በ2001 እ.ኤ.አ. በትልቁ መኪናው ላይ አስገብቶት ነበር። እኛ ዘንድ ግን ወደ ብዙ ሰው እጅ የገባው በቅርቡ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በአብዛኛው እጀታ የላቸውም።

በብዙዎቹ መኪኖች ላይ ያለው አሠራር ይህን ይመስላል። በእያንዳንዱ የኋላ ጎማ ካሊፐር ጀርባ ላይ አንድ ትንሽ ሞተር ታስሯል። ቁልፉ ሲነካ ሞተሩ ይሽከረከራል፤ ጥርሳ ጥርሶቹ ፍጥነቱን ቀንሰው ጉልበቱን ያበዙታል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ባለ ጥርስ ዘንግ ፒስቶኑን ይገፋል፣ ፒስቶኑም የፍሬን ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ ያጣብቃል። ዘንጉን ለመረዳት የመኪና ክሪክን ማሰብ ይበቃል። በቪቴ የሚሠራ ክሪክ መኪና አንሥቶ እጀታው ቢለቀቅ መኪናው ወደ ታች አይመለስም። ዘንጉ ወደ ኋላ የሚዞረው እጀታውን መልሶ የሚያዞር ካለ ብቻ ነው።

የጎረቤቷ ምክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ለመያዝም ለመልቀቅም ነው፤ ይዞ ለመቆየት ግን ምንም አይፈልግም። ባትሪው ቢነቀል ፍሬኑ እንደያዘ ለሳምንታት ይቀመጣል። የተሠራውም እንዲያ እንዲሆን ታስቦ ነው፤ ባትሪ በሞተ ቁጥር ዳገት ላይ የቆመ መኪና ቢንሸራተት ኖሮ ስንቱን ሰው በጨረሰ ነበር። ስለዚህ አልለቅም ያለ የእጅ ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ እብደት አልያዘውም። ልቀቅ የሚለው ኃይል አልደረሰውም፣ ወይም ለመልቀቅ በቂ ምክንያት አላገኘም።

መብራቶቹን ደግሞ ለይቶ ማየት ይጠቅማል። ቀይዋ P ሳትርገበገብ ስትበራ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው። ብልጭ ድርግም ስትል በአብዛኞቹ መኪኖች ፍሬኑ እንደታዘዘው አልያዘም ወይም እንደታዘዘው አልለቀቀም ማለት ነው። ቢጫው የብልሽት መብራት ነው፤ የሚለው ግን ብዙ አይደለም። የመኪናው መቆጣጠሪያ ፍሬኑን የሚያይበት ዓይን የለውም፤ የሚያውቀው ሞተሩ በሚስበው ኤሌክትሪክ ነው። ሸራው ዲስኩን ሲነክስ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ መቆጣጠሪያው ያን ሲያይ ያዘ ብሎ ያቆመዋል። ሲለቅ ደግሞ ጭንቀቱ ሲቀል ለቀቀ ይላል። የጠበቀውን ካላየ ቢጫውን ያበራል። ከባትሪው ይሁን ከሽቦው፣ ከሞተሩ ይሁን ከጥርሱ፣ መብራቱ ብቻውን አይናገርም።

የተጠራው ኤሌክትሪሺያን ሲደርስ ቦርሳውን እንኳ ሳይከፍት ድንጋይ ፈለገ። መኪናው ፊቱን ወደ ዳገቱ አድርጎ ቆሟል፤ ስለዚህ ሁለት ጥሩ ድንጋዮች ከጎማዎቹ ኋላ፣ በቁልቁለቱ በኩል አስጠግቶ ረገጣቸው። ያን ጊዜ ነገሩ ትርፍ መሰለኝ፤ ፍሬኑ አልለቅም ብሎ እያስቸገረን ምን ይሸሻል ብዬ። ለካስ አደጋው ያለው ፍሬኑ በያዘበት ሰዓት አይደለም፤ በድንገት በሚለቅበት ቅጽበት ነው። ሲታገሉት የቆዩት ፍሬን አንዴ ሲላቀቅ መኪናውን የያዘ ሌላ ነገር ከሌለ፣ ከኋላው ያለ ሰው ማምለጫ የለውም። ማርሹን P ላይ አድርጌዋለሁ ብሎ መተማመንም አይበቃም፤ በአንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪኖች P ማለት ራሱ ይኸው የእጅ ፍሬን ነው፣ ሌላ የሚቆልፍ ነገር የላቸውም። ዘበኛውና ጓደኞቹ ከኋላ ሆነው ቢገፉ፣ ወንድሜም የያዘውን ጎማ በክሪክ ቢያነሣ ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም። ተዳፋት ላይ መኪና የያዘው አንድ ጎማ ከመሬት ሲነሣ መያዣውም አብሮ ይነሣል።

ቀጥሎ ሁላችንም ዝም እንድንል ጠየቀ። «እትዬ፣ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ይርገጡና ቁልፉን አንድ ጊዜ ብቻ ይንኩልኝ፤ እግርዎን ግን እንዳያነሡ» አላት። ጆሮውን ወደ ኋላ ጎማዎቹ ሰጠ። ከቀኝ በኩል ጥዝዝ የሚል ድምፅ ጀምሮ ወዲያው ተቆረጠ። ከግራ ምንም የለም።

ይህን ማንም ሰው ያለ መሣሪያ ሊያደርገው ይችላል፤ ከብዙ ግምትም ያድናል። ደህና የሆነ ፍሬን ሲለቅ ከሁለቱም የኋላ ጎማዎች ለአንድ አፍታ የሞተር ድምፅ ይሰማል። ሁለቱም ዝም ካሉ ጥርጣሬው ወደ ጋራው ነገር ይሄዳል፤ ወደ ባትሪው፣ ወደ ፊውዙ፣ ወደ ቁልፉ። አንዱ ብቻ ዝም ካለ ችግሩ በዚያ ጎማ ሞተር ወይም ሽቦ ላይ ነው። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ጎማው ካልተላቀቀ ግን ኤሌክትሪኩ ሥራውን ሠርቷል፤ ወይ በውስጡ ያለ ጥርስ ተሸርፎ ባዶውን ይሽከረከራል፣ ወይ ሸራው ከዲስኩ ጋር በዝገት ተጣብቋል። ደጋግሞ ቁልፉን መጫን ግን አይረዳም። ሞተሩ እንዳይቃጠል መቆጣጠሪያው ከጥቂት ሙከራ በኋላ ራሱ ሊያግደው ይችላልና፣ ያን ጊዜ ደህናውም ክፍል የተበላሸ ይመስላል።

በእህቴ መኪና ላይ የተሰማው ያ የተቆረጠ ድምፅ አቅም ያጣ ሞተር ድምፅ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ቴስተሩን ትንሹ ባትሪ ላይ አደረገ፤ 11.3 ቮልት። በእርሳስ የሚሠራ ጤነኛ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ገደማ ያሳያል፤ 12 ላይ ሲወርድ ባዶ ለመሆን የቀረው ጥቂት ነው።

እህቴ ግራ ገባት። ከመሄዷ በፊት መኪናውን ሞልታው ነበራ! የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። መኪናውን የሚነዳው ትልቁ ባትሪ ነው፤ መብራቱን፣ የበሩን መቆለፊያ፣ የእጅ ፍሬኑን ሞተሮች የሚያሠራው ግን እንደ ነዳጅ መኪናው ሁሉ ባለ 12 ቮልቱ ትንሽ ባትሪ ነው። መኪናው ሲበራ ትንሹ ከትልቁ ይሞላል። ቆሞ ሲከርም ግን ማንቂያውና ሌሎቹ ዕቃዎች ከትንሹ ቀስ እያሉ ይጠጣሉ። አንዳንዶቹ መኪኖች ቆመውም ሳሉ ይሞሉታል፤ ባትሪው ካረጀ ግን የተሞላውን አይዝም። ነዳጅ መኪና ባትሪው ሲደክም ጠዋት ጠዋት ሲነሣ እያቃሰተ ያስጠነቅቃል። የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስነሣው ሞተር ስለሌለ አያቃስትም። የመጀመሪያው ምልክት ይህ የፍሬን መብራት ሊሆን ይችላል።

የመኪናው መመሪያ በሚያሳየው ቦታ ከጎረቤት መኪና ባትሪ በካቦ ተቀበለ። መኪናው አሁን በደንብ በራ፤ ለመሄድ ዝግጁ መሆኑንም አሳየ። እህቴ ፍሬን ረግጣ ቁልፉን ስትነካ የቀኙ ጎማ ጥዝዝ ብሎ ለቀቀ። ግራው ግን አሁንም ዝም። ቢጫው መብራትም አልጠፋም።

እዚህ ላይ ብዙ ሹፌር የሚፈተንበት ነገር አለ። አንዱ ጎማ ከለቀቀ፣ ትንሽ ነዳ ቢደረግ ሌላውም ይላቀቃል የሚል ሐሳብ ይመጣል። በዝገት ብቻ የተጣበቀ ሸራ በርግጥ መኪናው ቀስ ብሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲነካካ ጧ ብሎ ሊላቀቅ ይችላል፤ በዝናብ ለቀናት በቆመ መኪና ይህ የተለመደ ነው፤ ሞተሩ መዞሩ በጆሮ ከተረጋገጠ በኋላ በለጥ ባለ ቦታ አንድ ሁለቴ መሞከር ይቻላል። ሞተሩ ዝም ያለበትን ጎማ ግን እየጎተቱ መሄድ ሌላ ጣጣ ነው። ሙሉ በሙሉ የያዘ ጎማ አስፋልቱ ላይ ተጎትቶ በአንድ ጎኑ ይላጣል። በከፊል የያዘው ደግሞ ይብሳል፤ መኪናው ስለሚሄድ ሹፌሩ ደህና የሆነ ይመስለዋል። እግር ከፔዳሉ ሲነሣ መኪናው እንደ ወትሮው አይንሸራሸርም፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ ቆመው ሲያዩት ከአንዱ ጎማ ብቻ ሙቀት ይወጣል። እርጥበት የጠጣ አሮጌ የፍሬን ዘይት 155 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ሊፈላ ይችላል፤ ካሊፐሩ ውስጥ ዘይቱ ከፈላ አረፋው ይጨመቃልና የእግር ፍሬኑ ራሱ ላላ ብሎ ወለል ድረስ ይሄዳል። የእጅ ፍሬኑ ብልሽት የእግር ፍሬኑን ይዞት ይሄዳል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ቦታ ይዞ መቆም ነው። በእጅ አለመንካት፣ ውኃም አለመድፋት፤ የጋለ ዲስክ በቀዝቃዛ ውኃ ይሰነጠቃል። ጭስ ከታየ ሁሉም ሰው ወርዶ ይራቅ።

ኤሌክትሪሺያኑ አላስነዳትም። የግራውን ጎማ ሶኬት ከጎማው ጀርባ እጁን ሰዶ አገኘው፤ መኪናው ከፍ ያለ ስለሆነ ክሪክ አላስፈለገውም፣ ከሥሩም አልገባም። ሶኬቱን ሳይነቅል የቴስተሩን ጫፎች ከኋላ በኩል ሽቦዎቹ ላይ አስገባ። ቢነቅለው መቆጣጠሪያው ሽቦ እንደተቆረጠ ቆጥሮ ኤሌክትሪክ ላይልክ ይችላል። እህቴ ቁልፉን ስትነካ ቴስተሩ 12 ቮልት ከፍ አለ። ኤሌክትሪኩ እስከ ሶኬቱ ደርሷል፤ ሞተሩ ግን አልዞረም።

ብዙ ጋራዥ እዚህ ላይ ሞተሩ ሞቷል፣ ይቀየር ይላል። እሱ ግን ሶኬቱን ነቅሎ ውስጡን በስልኩ መብራት አየው። አንደኛዋ መርፌ አረንጓዴ ዝገት ለብሳለች። የዙሪያው ጎማ ተሰንጥቆ የነሐሴው ውኃ ገብቶበታል። ሽቦው ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዝገቱን አልፎ ለሞተሩ የሚበቃ ጉልበት ማድረስ አልቻለም። ባትሪው ጠንካራ በነበረ ጊዜ ምናልባት እየታገለ ያልፍ ነበር፤ ባትሪው ሲደክም ደከም ያለው ሶኬት ተጋለጠ። የሶኬት ማጽጃ ረጨበት፣ በስስ መርፌ ፋቀው፣ አድርቆ መልሶ ሰካው። «አሁን ይንኩት እትዬ።» ጥዝዝ፣ ከዚያ ጧ! ግራውም ለቀቀ። ድንጋዮቹ ባይኖሩና እግሯ ፍሬኑ ላይ ባይሆን ኖሮ መኪናው የዚያን ቅጽበት ቁልቁል ይጀምር ነበር።

በሌላ መኪና ላይ ሌላ ነገር ይገኛል። አንዳንዴ የሚጠፋው በጣም ትንሽ ነገር ነው። መቆጣጠሪያው ሹፌሩ ፍሬን መርገጡን የሚያውቀው ከፔዳሉ በላይ ባለች ማብሪያ ነው፤ እሷ ከተበላሸች ሰውዬው በሙሉ ኃይሉ ቢረግጥም አልረገጠም ተብሎ የእጅ ፍሬኑ አይለቅም። ከኋላ ሆኖ የፍሬን መብራቱ መብራቱን የሚያይ ሰው ካለ ይህ በአንድ ደቂቃ ይጣራል። ቀበቶ ያልታሰረ ወይም በር ያልተዘጋ ከሆነም በራሱ ጊዜ የሚለቀው ዓይነት እምቢ ይላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ካምፓኒም የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። ቴስላ በሚያዝያ 2017 እ.ኤ.አ. 53,000 የሚሆኑ ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖቹን የጠራው በእጅ ፍሬኑ ውስጥ ያለች ትንሽ ጥርስ በአግባቡ ሳትሠራ ቀርታ ሊሆን ስለሚችል ነበር፤ ጥርሷ ከተሰበረች የያዘው ፍሬን አይለቅም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን በሰው እጅ የሚመጣው ብልሽት ነው። የኋላ ፍሬን ሸራ ሲቀየር ፒስቶኑ ወደ ውስጥ መመለስ አለበት። በድሮው መኪና በማጥበቂያ ተጭኖ ይገባል። በዚህኛው ከፒስቶኑ ኋላ ያ ባለ ጥርስ ዘንግ ቆሟል፤ በጉልበት ሲጫኑት ጥርሱ ይሸረፋል ወይም ዘንጉ ይጎዳል። መጀመሪያ በስካነር፣ በአንዳንድ መኪኖችም በፔዳልና በቁልፍ ቅደም ተከተል፣ ፍሬኑ ወደ ጥገና ሁኔታ ይገባል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ ዘንጉን ወደ ኋላ ይስበዋል። ሸራ ሊያስቀይር የሄደ ሰው መካኒኩን «ወደ ጥገና ሁኔታ የምታስገባበት አለህ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ክብር መንካት አይደለም። ሥራው ሲካሄድም ማንም ቁልፉን እንዳይነካ፤ ያ ሞተር በሸራውና በዲስኩ መካከል የገባ ጣት አይምርም።

ምንም አልሠራ ብሎ መኪናው መነሣት ካለበት የመጨረሻ መንገድ አለ። በብዙዎቹ ካሊፐሮች ላይ ሞተሩ በሁለት ብሎን የታሰረ ነው፤ መካኒኩ ፈትቶ ካወረደው በኋላ የዘንጉን ጫፍ በእጅ ቁልፍ ወደ ኋላ ያዞረዋል። ኋላቸው በታምቡር የሚሠራ መኪኖች ግን አፈታታቸው የተለየ ነው። ይህ የባለቤት ሥራ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ መኪናው በዚያ ጎማ የእጅ ፍሬን እንደሌለው መታወቅ አለበት። መጎተት ካስፈለገም በገመድ አይሆንም። የያዘ የኋላ ጎማ አይሽከረከርም፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ የሚነዱት ጎማዎቹ መሬት ላይ እየዞሩ ከተጎተተ ሞተሩ ሊጎዳ ይችላል። አራቱም ጎማ የሚጫንበት መኪና ይጠራ።

በሚኒሶታ ወይም በስዊድን ክረምት ለሚነዳ ወገን አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ሸራው የሚጣበቀው በበረዶ ነው፤ በተለይ ከታጠበ በኋላ ወዲያው ሲቆም። ብዙ መመሪያዎች በጽኑ ብርድ ሜዳ ላይ ማርሹ የሚቆልፍ መኪና የእጅ ፍሬኑ ሳይያዝ እንዲቆም ይመክራሉ። ሌላው የሚያስደነግጥ፣ ግን ጤነኛ የሆነ ነገር፣ ከረጅም ቁልቁለት ወርደው ካቆሙ በኋላ ከተቆለፈው መኪና የሚሰማው ጥዝዝታ ነው። የጋለው ዲስክ ሲቀዘቅዝ ይሟሽሻል፤ ፍሬኑ ያን አስቦ ከደቂቃዎች በኋላ ራሱን ያጠብቃል።

እህቴ በዚያ ሳምንት አዲስ ሶኬት እስኪገዛ ቢጫው መብራት እየጠፋ ይመለስ ነበር። የእግር ፍሬኑ ደህና ነው፣ ጎማውም አይግልም፤ ኤሌክትሪሺያኑ እስከ ጋራዡ መንዳት ትችያለሽ አላት፣ ፍሬኑ አልይዝም ሊል እንደሚችል ግን አስጠነቀቃት። ስለዚህ ዳገት ላይ ማቆም ተወች። ግድ ሲሆንባት፣ ፊቱ ሽቅብ ከሆነ መሪውን ወደ ግራ ትጠመዝዛለች፤ መኪናው ወደ ኋላ ቢንሸራተት የፊት ጎማው የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ገፍቶ እንዲቆም። ቁልቁል ከሆነ ወደ ቀኝ። ከጎማው ሥር ድንጋይ ታደርጋለች፤ ስትነሣም ወርዳ ድንጋዩን ከአስፋልቱ ታነሣዋለች። ሌሊት መሐል መንገድ ላይ የተተወ ድንጋይ የሞተር ብስክሌተኛ ሕይወት ነው። የተበላሸው ሶኬት ከተቀየረ፣ ትንሹም ባትሪ ከተተካ በኋላ በስካነር የተመዘገበው ስህተት ተሰርዞ ፍሬኑ ጥቂት ጊዜ እንዲይዝና እንዲለቅ ተደረገ። ሁለቱም ጎማዎች እኩል ጥዝዝ አሉ፤ ቢጫውም ጠፋ።